የድስትና የመጥበሻ ዓይነቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንድ ረጅም እጀታ ካለው መጥበሻ፣ ሁለት ጆሮ ካለው ድስት ነው።»

እጀታ የሚናገረው ዕቃው እንዴት እንደሚነሳ ብቻ ነው። ሶስ ፓን የሚባለው፣ ወተት ወይም ሩዝ የሚፈላበት ዕቃ፣ አንድ ረጅም እጀታ አለው፤ ግን ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ጠለቅ ያለና ክዳን ያለው ትንሽ ድስት ነው። ከባድ የብረት መጥበሻ ደግሞ ሲሞላ በአንድ እጅ ስለማይነሳ ከእጀታው ፊት ለፊት ትንሽ ጆሮ ይጨመርለታል። ጆሮ ስላወጣ ግን ድስት አልሆነም። ዓይነቱን ለመለየት መጀመሪያ መታየት ያለበት መቀመጫው ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ቁመቱን ከአፉ ስፋት ጋር ማስተያየት፤ እጀታና ክዳን ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

«ስኪሌትና ሶቴ ፓን ያው መጥበሻ ናቸው፤ ሁለቱም 30 ከተባሉ እኩል ናቸው።»

ብዙ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው 30 ሴንቲሜትር የሚለካው ከአፍ እስከ አፍ እንጂ መቀመጫው ላይ አይደለም። ስኪሌት ጎኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ ስለሆነ አፉ 30 ሲሆን መቀመጫው 24 አካባቢ ይሆናል። ሶቴ ፓን ጎኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መቀመጫው 28 ያህል ይደርሳል።

ሲሰላ፣ የመጀመሪያው መቀመጫ 452 ካሬ ሴንቲሜትር ሲሆን የሁለተኛው 616 ነው፤ ከሲሶ በላይ ብልጫ አለው። በሚይዙት ፈሳሽም ይራራቃሉ። ቁመቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ስኪሌት እስከ አፉ ቢሞላ ወደ 2.9 ሊትር፣ ቁመቱ 7 የሆነ ሶቴ ፓን ደግሞ ወደ 4.3 ሊትር ይይዛል።

ልዩነቱ ጥብስ ላይ ይታያል። ሥጋው ለመቀመጫው ከበዛ ውሃውን አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ሲቀርና መጥበሻው ውስጥ ውሃ ሲያቁር ይታወቃል። ያዘነበለ ጎን እንፋሎቱን ቶሎ ያስወጣል፣ ለማገላበጥም ይመቻል፤ ስለዚህ ለደረቅ ጥብስና ለእንቁላል ስኪሌት ይሻላል። መረቅ ያለው ከሆነ፣ ቀጥ ያለው ጎን ስለማያፈስና ክዳን ስለሚገጥምለት፣ ሶቴ ፓን ይመረጣል። ስኪሌት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክዳን ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ ክዳን ቢጠፋበት አይግረማችሁ።

«ጎድጎድ ያለ መጥበሻ ሁሉ ዎክ ነው፤ ዎክ ደግሞ ሥሩ ክብ መሆን አለበት።»

ዎክ ማዕዘን የለውም። ከሥሩ እስከ አፉ አንድ ወጥ ጉብጠት ነው፤ መቀመጫው ጠባብ፣ አፉ ሰፊ። አንዳንዱ ሁለት ጆሮ፣ አንዳንዱ አንድ ረጅም እጀታ አለው፤ ሁለቱም ዎክ ናቸው። ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለውም ቢሆን መቀመጫው ከአፉ ግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ ያው ዎክ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚሠራውም እሱ ነው። ክብ ሥር ያለው እዚያ ላይ ይንገዳገዳል፣ የሚነካው አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነም ሙቀት አያገኝም። ክዳኑ ጉልላት መሰል ነው።

«ስቶክ ፖት ማለት ትልቅ ድስት ማለት ነው።»

መለያው ትልቅነቱ ሳይሆን ቁመቱ ነው፦ ቢያንስ አፉን ያህል ይረዝማል። 24 በ24 የሆነ አንድ ስቶክ ፖት 10.9 ሊትር ገደማ ይይዛል። አፉ ከሚይዘው አንጻር ጠባብ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ተንኖ አያልቅም፤ ለአጥንት መረቅ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ቁሌት ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ብዙ ሽንኩርት ጠባብ መቀመጫ ላይ ሲከመር ከታች ያርራል፣ ከላይ ጥሬ ይቀራል፤ የብዙ ስቶክ ፖት ሥር ስስ መሆኑ ደግሞ ይብስበታል። ለዶሮ ወጥ የሚሻለው ሁለት ጆሮ ያለው፣ አፉ ከቁመቱ የሚበልጥና ሥሩ ወፍራም ድስት ነው። የደች ኦቨን ቅርጽም ይኸው ነው፦ ወፍራም ብረት፣ ሁለት ጆሮ፣ ከባድ ክዳን።

«ክዳን ስለ ድስቱ ምንም አይናገርም።»

የክዳኑን ውስጥ ገልብጣችሁ እዩት። ትናንሽ ጉብታዎች ካሉበት የደች ኦቨን ክዳን ሊሆን ይችላል፤ እንፋሎቱ በየጉብታው ተጠራቅሞ መልሶ ምግቡ ላይ እንዲንጠባጠብ ነው። ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያው ከንፈር ካወጣ፣ ድስቱም ሦስት እግር ካለው፣ ለሜዳ የተሠራ ደች ኦቨን ነው፤ ከንፈሩ ፍሙን ይይዛል፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት እንዲያገኝ። ክዳኑ ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ካለውና ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ ፕሬዠር ኩከር ነው። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ እንፋሎቱ በጎን ያመልጣል፣ ግፊትም አይዝም፤ የሚለወጠው ድስቱ ሳይሆን ጎማው ነው።