ኦድስ ሬሾ 0.6 ማለት «40 በመቶ ያነሰ» ማለት ነው?

በምርምር ጽሑፍ ሰንጠረዥ ውስጥ «OR 0.6 (95% CI 0.4–0.9)» የሚል ነገር ሲያይ ቶሎ ገጹን የሚገለብጥ ተማሪ ብዙ ነው። ስሌቱ ግን በአብዛኛው ከማካፈል አያልፍም። ከባዱ አነባበቡ ነው። እሱ ደግሞ ጋዜጠኞችንም አሳስቷል።

በ1999 እ.ኤ.አ. «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወጣ። 720 ሐኪሞች፣ ተዋናዮች የደረት ሕመምተኛ ሆነው የቀረቡበትን ቪዲዮ አዩ። ከዚያ በሽተኛውን በቀጭን ቱቦ ወደሚደረግ የልብ ምርመራ ይልኩት እንደሆነ ተጠየቁ። ከነጮቹ 90.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 84.7 በመቶ ተላኩ።

ሪላቲቭ ሪስክ የሚባለው ሁለቱን መቶኛዎች ማካፈል ነው። 84.7 ለ90.6 ሲካፈል 0.93 ይመጣል። ስለዚህ የጥቁሮቹ የመላክ ዕድል በ7 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ኦድስ ግን ሌላ ነው። የተላኩት ላልተላኩት ይካፈላሉ። ለነጮቹ 90.6 ለ9.4፣ ማለትም 9.6። ለጥቁሮቹ 84.7 ለ15.3፣ ማለትም 5.5። የጥቁሮቹን ለነጮቹ ስታካፍል ኦድስ ሬሾውን፣ በሰንጠረዡ OR የሚባለውን፣ 0.57 ታገኛለህ፤ ሲጠጋጋ 0.6። የታተመው ይኸው ነበር። ዜናው ግን «ጥቁሮች የመላክ ዕድላቸው በ40 በመቶ ያነሰ ነው» ብሎ አረፈው።

ልዩነቱ የመጣው አብዛኞቹ ስለተላኩ ነው። ያልተላኩት ጥቂት ሲሆኑ አካፋዩ ያንሳል፣ ኦድሱም ይጋነናል። ውጤቱ ብርቅ ቢሆን ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፦ 2 በመቶ ከ1 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ሪላቲቭ ሪስኩ 2፣ ኦድስ ሬሾው 2.02 ነው። ስለዚህ ኦድስ ሬሾ ስታይ መጀመሪያ የጥሬውን መቶኛ ሰንጠረዥ ፈልግ።

አሁን ወደ ቅንፉ። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው የመተማመኛ ክልል ነው። ጥናቱ በተመሳሳይ መንገድ ደጋግሞ ቢሠራ፣ እንዲህ ከሚወጡት ክልሎች 95 በመቶው እውነተኛውን ዋጋ ይይዛሉ። ልዩነት የለም ማለት ሬሾው 1 ነው ማለት ነው፤ እዚህ ክልሉ ውስጥ 1 የለም። ግን ልብ በል፣ 0.4ም የኦድስ ቁጥር ነው። «እስከ 60 በመቶ ያነሰ» ብለህ ካነበብክ ያንኑ ስህተት ደገምከው። ክልሉ የሚለካው በናሙና ምክንያት የሚመጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ንጽጽርን አያርምም።

በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ሲያዩት ሌላም ነገር ወጣ። ነጭ ወንዶች፣ ጥቁር ወንዶችና ነጭ ሴቶች እኩል 90.6 በመቶ ተልከዋል። ዝቅ ያለው የጥቁር ሴቶች ብቻ ነበር፣ 78.8 በመቶ። «ጥቁሮች» ተብሎ የታተመው 84.7 የጥቁር ወንዶችና ሴቶች አማካይ ነው።