ሰበቡ ኑዙል፦ የሶፋና መርዋ አንቀጽ በወሎ የተፍሲር ትምህርት

ሰበቡ ኑዙል የሚባለው አንድ የቁርኣን አንቀጽ የወረደበት አጋጣሚ ነው። ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ነገር ጠይቀው ይሆናል፤ ወይም በመካከላቸው አንድ ጉዳይ ተነስቶ ይሆናል። አብዛኛው የቁርኣን ክፍል እንዲህ ያለ የተለየ ሰበብ አልተነገረለትም። የተነገረለት ግን አንዳንዴ ሰበቡ ካልታወቀ በስተቀር ተገልብጦ ይነበባል።

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ደረሳው ከዚህ ዕውቀት ጋር የሚገናኘው ተፍሲር ሲቀራ ነው። ብዙውን ጊዜ ፊቅህና ነሕው ይቀድማሉ፤ ተፍሲር ኋላ ይመጣል። አካባቢው ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለችው ጌታ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሐጂ ቡሽራ ስም የታወቀች የትምህርትና የዚያራ ቦታ ናት። ለተፍሲር በብዛት የሚቀራው ኪታብ ጀላለይን ነው። ጀላሉዲን አል-መሐሊ ጀምረውት በ1459 ሲሞቱ፣ ተማሪያቸው ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ጨረሱት። ኪታቡ አጭር ነው። ሰበቡንም በአንድ መስመር ነክቶ ያልፋል፤ የቀረውን የሚያብራሩት ሸሁ ናቸው።

ነገሩ በደንብ የሚታየው በሱረቱል በቀራ 158ኛው አንቀጽ ላይ ነው። አንቀጹ ሶፋና መርዋ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን ይናገራል። ከዚያ ሐጅ ወይም ዑምራ ያደረገ ሰው በሁለቱ መካከል ቢመላለስ ኃጢአት የለበትም ይላል። እዚህ ላይ ማንም አስተዋይ አንባቢ ይቆማል። ከደሴ ሐጅ የሄደ ሰው በሁለቱ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ መመላለስ ግድ እንደሆነ ነው የተማረው። «ኃጢአት የለበትም» የሚባለው ግን ለተፈቀደ ነገር ነው። ታዲያ ቢተወውስ?

ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያነሳው ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ነው። የጠየቀው አክስቱን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ነበር። ንግግራቸው በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ዑርዋ በአንቀጹ መሠረት በሶፋና መርዋ መካከል ያልተመላለሰ ሰው ምንም የለበትም ብሎ ነበር። ዓኢሻ ግን የእህቴ ልጅ፣ የተናገርከው መጥፎ ነው አሉት። አንተ እንዳልከው ቢሆን ኖሮ አንቀጹ «ባይመላለስ ኃጢአት የለበትም» ይል ነበር ብለው አስረዱት።

ከዚያ ሰበቡን ነገሩት። የመዲና ሰዎች፣ አንሷሮች፣ ከመስለማቸው በፊት ሐጃቸውን የሚጀምሩት መናት ለተባለችው ጣዖት ነበር። ጣዖቷ የነበረችው በመካና በመዲና መካከል፣ ቁደይድ ከተባለው ቦታ አቅራቢያ ነው። ለእሷ ኢሕራም ያደረገ ሰው በሶፋና መርዋ መካከል መመላለስ ይከብደው ነበር። ሲሰልሙም ክብደቱ አብሯቸው መጣ። ነቢዩን ጠየቁ፤ አንቀጹም ወረደ።

እንግዲህ «ኃጢአት የለበትም» የተባለው የፈሩትን ሰዎች ለማረጋጋት ነው። ግዴታ ነው ወይስ አይደለም የሚል ጥያቄ እየመለሰ አይደለም። ዑርዋ ዐረብኛ አላጠረውም፤ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ለራሱ ጥያቄ አዋለው እንጂ። እንደ እኔ እንደ እኔ የሰበቡ ኑዙል ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ መልሱን ከጥያቄው ጋር ያገናኛል።

አንድ አንቀጽ ሁለት ሰበብ ሊነገርለትም ይችላል። ይኸው አንቀጽ ሌላ ዘገባ አለው። አነስ ኢብኑ ማሊክ፣ መመላለሱን ከጃሂሊያ ልማድ እንቆጥረው ስለነበር ስንሰልም ተቆጠብን ብለዋል። በሌሎች ዘገባዎች ሶፋ ላይ ኢሳፍ፣ መርዋ ላይ ናኢላ የሚባሉ ጣዖታት እንደነበሩ ተነግሯል። ጀላለይን በአጭሩ የሚጠቅሰው ይህን ነው። በዓኢሻ ዘገባ ሰዎቹ ድሮ የማይመላለሱ ናቸው፤ በሁለተኛው ደግሞ ድሮ የሚመላለሱ። ይጋጫል? አቡበክር ኢብኑ ዐብዱረሕማን የተባሉት የመዲና ፈቂህ ሁለቱንም ሰምተው አንቀጹ የወረደው ስለ ሁለቱም ወገኖች ነው አሉ። ሰበቦቹ ለየቅል ቢሆኑም ፍርሃቱ አንድ ስለሆነ መልሱ ለሁለቱም ይበቃል።

ሰበቡ ግን ሁሉን አይጨርስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዓኢሻ ንግግር አንቀጹ ለመተው ማስረጃ እንደማይሆን ያሳያል። ግዴታነቱ ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጀላለይን ሰበቡን ከነገረ በኋላ ወደ ሐዲስ የሚሄደው። አላህ መመላለሱን ደንግጎባችኋል የሚለውን የነቢዩን ቃል ከበይሀቂ ያመጣል። አላህ በጀመረበት ጀምሩ የሚለውን ደግሞ ከሙስሊም ይጠቅሳል፤ በሶፋ ጀምሩ ማለት ነው። ኢብኑ ዐባስ ግን የአንቀጹን አነጋገር ይዘው ግዴታ አይደለም እንዳሉም ያስታውሳል።

የመዝሀቦቹ ልዩነትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ መመላለሱ ሩክን ነው። የተወው ሰው በዕርድ አያካክሰውም፤ ተመልሶ መፈጸም አለበት። በሐነፊይ ግን ዋጂብ ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረበት ሰው አርዶ ያካክሳል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀቦች ስለሚቀሩ ደረሳው ይህን ልዩነት የሩቅ ወሬ አድርጎ አያየውም። ሰበቡን ሁለቱም ወገኖች ይቀበላሉ። የሚለያዩት ከሰበቡ በኋላ ባለው ማስረጃ ክብደት ላይ ነው።

ሰበቡ አንቀጹን በዚያ ሰው ላይ ብቻ ይዘጋዋል ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። የአብዛኞቹ ዑለማዎች መርህ የሚያዘው በቃሉ አጠቃላይነት እንጂ ሰበቡ ለአንድ ሰው የተለየ በመሆኑ አይደለም የሚል ነው። የዚሃር ሕግ የወረደው ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት «እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» ስላላት ነቢዩ ዘንድ አቤት ባለች ጊዜ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ ያለ ቃል የሚወረውርን ባል ሁሉ ይይዛል።

ሌላው ጉዳይ ሰበቡ ራሱ እውነት መሆኑ ነው። በ1076 የሞቱት አል-ዋሒዲ በዚህ ዘርፍ የታወቀ ኪታብ የጻፉ ናቸው። ሰበብ በግምት አይነገርም፤ መውረዱን ካዩት ሰዎች በዘገባ ሲደርስ ብቻ ነው ይላሉ። የአነጋገሩም ዓይነት ይታያል። ሰሓባው እንዲህ ያለ ነገር ሆነ፣ «ከዚያም ወረደ» ካለ ግልጽ ሰበብ ነው። «ስለ እንዲህ ያለ ነገር ነው የወረደው» ካለ ግን አንቀጹ ያንን ጉዳይም ይመለከታል ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም በቃሉ የሚያውቃት ወዱሐ ለማጣሪያው ጥሩ ምሳሌ ናት። ቡኻሪና ሙስሊም ከጁንዱብ የዘገቡት ነቢዩ ታመው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ለሶላት እንዳልቆሙ ነው። አንዲት ሴት ሸይጧንህ ትቶሃል መሰለኝ አለቻቸው፤ ሱራዋም ወረደች። ሌላ ወሬ ደግሞ አንድ ቡችላ አልጋቸው ሥር ሞቶ ጂብሪል ዘገየ፣ ሱራዋም በዚህ ምክንያት ወረደች ይላል። ኢብኑ ሐጀር ጂብሪል በቡችላ ምክንያት መዘግየቱ የታወቀ ታሪክ ነው ብለዋል። የዚህች ሱራ ሰበብ መባሉ ግን እንግዳ ነው፤ በሰነዱም ውስጥ የማይታወቅ ሰው አለ። ስለዚህ የሚያዘው የጁንዱብ ዘገባ ነው።