አንድ ተኩል ዲግሪ ምን ታመጣለች?

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። በአዳማ ፀሐይ ሰልፍ ላይ ቆሞ ንግግር መስማት ቅጣት ነው፣ ስለዚህ ጥላው ስር ተጠጋጉና ተቀመጡ። እኔ የአየር ሙቀት መዝገብ ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ። ሥራዬን የሰማ ሁሉ፣ ታክሲ ውስጥም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስልችት ብሎኛል። ዛሬም ገና ከበር ሳልገባ አንዱ ልጃችሁ ጠየቀኝ፦

«ቲቸር፣ እኛ ጋ ጠዋት 15 ነው፣ ከሰዓት 30 ይገባል። በአንድ ቀን 15 ዲግሪ የቻልን ሰዎች አንድ ተኩል ምን ያደርገናል?»

አንተ የምታወራው ስለ አንድ ቀን ነው። እኔ የማወራው ስለ አማካይ ነው። የመላው ዓለም ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት፣ በረሃና ውቅያኖስ ተደምሮ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ማለቴ ነው። አንድ ተኩል የምንለውም ይሄ ቁጥር ከዚያ በላይ እንዳይጨምር ለመጣር አገሮች የተስማሙበት ወሰን ነው። ቀኑ የጨመረውን ሌሊቱ ይቀንሰዋል፣ አንዱ አገር ሲሞቅ ሌላው ይበርዳል፣ አማካዩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እሱ ጥቂት ዲግሪ ሲነቃነቅ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ የበረዶ ዘመንን አስቡ። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰሜን አሜሪካና ሰሜን አውሮፓ በበረዶ ክምር ተሸፍነው ነበር። በዚያ ዘመን የኛዎቹ የአርሲና የባሌ ተራሮች እንኳ የበረዶ ግግር ነበራቸው። ያኔ የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ዝቅ ያለው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። 40 ተማሪ ያለበት ክፍል እንውሰድ። መምህሩ ለሁሉም 5 ነጥብ ቢጨምር 62 ያመጣው 67 ይሆናል፣ ማንም ልብ አይለውም። ከ90 በላይ ያላቸውን ብትቆጥሩ ግን ሁለት የነበሩት ምናልባት አምስት ሆነው ታገኛላችሁ። አማካይ ትንሽ ሲገፋ ለውጡ ጎልቶ የሚታየው ጫፉ ላይ ነው። ሙቀትም እንደዚሁ ነው። የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ሰነድ እንደሚለው፣ ድሮ በ10 ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረ ብርቱ ሙቀት፣ አማካዩ አንድ ተኩል ዲግሪ ሲጨምር በ10 ዓመት አራቴ ገደማ ይመጣል። ሰዎች የሚሉኝ ሌላም አለ፦

«አንድ ተኩሉ ከዛሬ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው።»

አይደለም። መነሻው እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1900 ያለው አማካይ ነው፣ አብዛኛውን መንገድ ሄደን ጨርሰነዋል።

«በ2024 አልፈነዋል አሉ፣ አለቀ በቃ።»

እ.ኤ.አ. 2024 ብቻውን 1.55 ገደማ ደርሷል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ወሰኑ የሚለካው በ20 ዓመት ገደማ አማካይ እንጂ በአንድ ዓመት አይደለም። አንድ ፈተና የወደቀ ልጅ ክፍል አይደግምም። በየፈተናው ከወደቀ ግን ሌላ ወሬ ነው።

«እሺ፣ አዳማ ላይም የሚጨመረው አንድ ተኩል ነው።»

ምነው በሆነ! አማካዩን ወደ ታች የሚጎትተው ውቅያኖስ ነው፣ ቶሎ አይሞቅም። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ዓለም በጠቅላላ 1.1 ገደማ ሲሞቅ ውቅያኖሱ 0.9፣ የብሱ ግን 1.6 ገደማ ነው የሞቀው። እኛ ደግሞ የብስ ላይ ነን።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

«ወባ ከዝናብና ከረግረግ ነው የሚመጣው። ሙቀት ምን አገባው?»

እኔ ያደግኩት በአሰላ መንገድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። አያቴ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርደውን ሰው ሁሉ «እዚያ እንዳታድር» ትለው ነበር። ወባ የቆላ በሽታ ነው፣ ደጋ አይወጣም፣ በቃ። አያቴ ቴርሞሜትር በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ ግን ልክ ነበረች። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የምንለው ራሱ የሙቀት መለኪያ ነው። መቶ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ተኩል ዲግሪ ማለት 230 ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ያለችው 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። 230 ቀንሱ። 1,470 አይደል? የጂኦግራፊ መጽሐፋችሁ ቆላን ከ1,500 በታች ይላል። ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነሳ ቆላ ወረደች ማለት ነው።

ወደ ወባዋ ልመለስ። ትንኟ የታመመ ሰው ነክሳ ጥገኛ ተህዋሱን ስትወስድ በማግስቱ ሌላ ሰው አትለክፍም። ተህዋሱ መጀመሪያ ሆዷ ውስጥ መብሰል አለበት። የሚበስልበትን ጊዜ የሚወስነው ሙቀት ነው። ለአደገኛው ዓይነት፣ ለፋልሲፓረም፣ የቆየ ቀላል ቀመር አለ፦

ቀናት = 111 ÷ (ሙቀት − 16)

16 ላይ ሲደርስ እድገቱ ይቆማል። አሁን ድሮ አማካዩ 18 የነበረ አንድ ደጋማ ቀበሌ እንውሰድ። 111 ለ2 ሲካፈል 55 ቀን። አንድ ተኩል ጨምሩበት፣ 19.5 ሆነ። 111 ለ3.5 ሲካፈል 32 ቀን። «ታዲያ በ23 ቀን ቢያጥርስ?» ትሉኛላችሁ። ትንኟ እኮ አሮጊት ሆና አትሞትም! ወፍ አለ፣ ሸረሪት አለ፣ ንፋስ አለ፣ መድኃኒት የተረጨበት ግድግዳ አለ። በየቀኑ ከአሥሩ አንዷ ትሞታለች እንበል። ከ1,000 ትንኝ 55ኛው ቀን ላይ በሕይወት የምትገኘው ሦስት ብቻ ናት። 32ኛው ቀን ላይ ግን 34። ከአሥር እጥፍ በላይ። ዝናቡም ያው፣ ረግረጉም ያው፣ የተለወጠው አንድ ተኩሏ ዲግሪ ብቻ ናት።

ይሄ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚሠራ ሒሳብ አይደለም። በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ተራራማ ቦታዎች የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ሞቅ ባሉት ዓመታት ወባው ወደ ከፍታ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ደብረ ዘይት እኮ ጎረቤታችን ናት።

ግን አደራ፣ ወባ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ነው እንዳትሉ፣ እሱም ሌላ ስህተት ነው። አጎበር ሲቀደድ፣ ርጭት ሲቀር፣ መድኃኒት ሲላመድ ወባ ይጨምራል። ከተማ ውስጥ በውሃ በርሜልና በታንከር የምትራባ ስቴፈንሲ የምትባል መጤ ትንኝም ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነስታለች። ደግሞ በጣም ሞቃት ቆላ ላይ ሙቀቱ ይበልጥ ሲጨምር ትንኟ ራሷ ቶሎ ትሞታለች። ሙቀቱን መጠርጠር ያለባችሁ ርጭቱና አጎበሩ ሳይጓደል፣ ከቀበሌው ያልወጣ ሰው፣ ድሮ ወባ በማይታወቅበት ከፍታ ላይ ሲታመም ነው። ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው አይቆጠርም፣ እሱ ይዞት መጥቶ ነው። ጤና ጣቢያ «ባለፈው ወር የት ነበርክ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

እሺ፣ እጅ ያወጣሽው ልጅ፣ ጠይቂ።

«በአንድ ተኩልና በሁለት መካከል ያለችው ግማሽ ዲግሪ ለምን ታጨቃጭቃለች?»

ሰሌዳው ላይ ቦታ አለ፣ ነይ አንቺው ሥሪው። 18 ሲደመር 2፣ 20። 111 ለ4 ሲካፈል? አዎ፣ 28 ቀን ገደማ። ከ1,000 ትንኝ 28ኛው ቀን ላይ በሕይወት የምትቆየው 52 ናት። ከ34ቱ ጎን ጻፊው።