የመጨረሻው ዓመት የሚከብድበት ዲግሪ፦ የእንግሊዝ ውጤት ከደሴ ሲሰላ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ግቢ ገብቶ የወጣ ሰው ሲጂፒኤ እንዴት እንደሚሠራ አይጠፋውም። የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ፍሬሽማን ላይ የመጣ ሲ እና ተመራቂ ሆነው ያመጡት ሲ ክሬዲታቸው እኩል ከሆነ እኩል ይጎትታሉ። በዚህ ዓይን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ውጤት ካየን ግን ስሌቱ አይገጥምም፤ ምክንያቱም እዚያ ዓመታቱ ራሳቸው የተለያየ ክብደት አላቸው።

በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ነው። በየዓመቱ 120 ክሬዲት ይወሰዳል። አንደኛ ዓመት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማለፍ ይጠይቃል እንጂ የመጨረሻው ውጤት ውስጥ አይገባም። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ይገባሉ፣ ሦስተኛው በርትቶ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ 40 ለ 60 ያደርገዋል፣ ሌላው ሲሶና ሁለት ሦስተኛ፣ አንደኛ ዓመትን በ10 በመቶ የሚያስገባም አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዲግሪው መመስከር ያለበት ተማሪው የት እንደደረሰ ነው፣ የመጨረሻው ዓመት ትምህርትም ከሁሉም ከበድ ያለ ነው። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ከገጠር መጥቶ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ቋንቋውንና ግቢውን ሲለምድ የጨረሰ ልጅ እስከ ምርቃት በዚያ መቀጣት የለበትም።

ማዕረጉ የሚወሰነው በዚህ አማካይ ነው። 70 እና ከዚያ በላይ ፈርስት ይባላል። ከ60 እስከ 69 አፐር ሰከንድ፣ ከ50 እስከ 59 ሎወር ሰከንድ፣ ከ40 እስከ 49 ሰርድ ነው።

አንዲት የደሴ ልጅ እዚያ ተማረች እንበል። ሁለተኛ ዓመት 52፣ ሦስተኛ ዓመት 64 አመጣች። ቤተሰብ ስልክ አውጥቶ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ቢያካፍል 58 ይወጣል፣ ሎወር ሰከንድ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ሦስተኛውን ዓመት እጥፍ የሚቆጥር ከሆነ ግን እንዲህ ነው፦

(52 + 64 + 64) ÷ 3 = 60

አፐር ሰከንድ ሆነች። ያው ውጤት 40 ለ 60 በሚል ደንብ ቢሰላ ደግሞ፦

52 × 0.40 + 64 × 0.60 = 59.2

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ልጅቷ ያው ናት፣ ፈተናውም ያው ነው፣ ደንቡ ብቻ ነው የተለየው። 59.5 የደረሰውን ወደ 60 የሚያጠጋጉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ 59.2 ግን በማጠጋጋት አይደርስም። አንዳንዶቹ ከድንበሩ በታች ትንሽ የቀረውን ተማሪ የመጨረሻ ዓመት ክሬዲቱ ቢያንስ ግማሹ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውጤቱ ሳይሆን ደንቡ ነው፤ ያውም ልጅቷ በገባችበት ዓመት የነበረው ደንብ፣ ምክንያቱም አዲስ ደንብ ሲወጣ ነባሮቹ ብዙ ጊዜ በድሮው ይጨርሳሉ።

ክብደቱ በጣም የሚታየው የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው። ከመጨረሻው ዓመት 120 ክሬዲት ውስጥ 40 ክሬዲት ሊይዝ ይችላል፣ ማለትም ሲሶውን። የልጅቷ 64 ከየት እንደመጣ ብናይ፣ በሌሎቹ 80 ክሬዲት አማካይዋ 61 ነበር፣ ጽሑፏ 70 አገኘ። ጽሑፉ 64 ቢያገኝ ኖሮ የዓመቱ ውጤት 62 ይሆን ነበር፣ የዲግሪው አማካይም እጥፍ በሚቆጥረው ደንብ እንኳ ወደ 58.7 ይወርዳል። አንድ ወረቀት ላይ የጠፉ 6 ነጥቦች ማዕረጉን ለወጡት። ለዚህ ነው በመጨረሻው ዓመት ከአማካሪው ጋር ያለው ቀጠሮ የማይታለፈው።

ሌላው ስህተት የዓመቱን አማካይ ራሱ ያለክሬዲት ማውጣት ነው። ሞጁሎቹን በቁጥራቸው ብቻ ካካፈሉ 40 ክሬዲት ያለው ጽሑፍ እንደ 20 ክሬዲት ኮርስ ይቆጠራል፣ ውጤቱም ይዛባል። መጀመሪያ በክሬዲት የዓመቱን አማካይ ያውጡ፣ ከዚያ በዓመቱ ክብደት ያባዙ። ወድቆ የተደገመ ሞጁል ካለ ደግሞ ብዙ ቦታ ከ40 በላይ አይመዘገብም፤ በድጋሚው 68 ቢያመጡም ስሌቱ ውስጥ የሚገባው 40 ነው። በመጨረሻው ዓመት ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ወረቀቱ ደሴ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። 60ን ለ25 አካፍሎ «2.4 ነው» የሚል ቀጣሪ ይኖራል። ይህ ስህተት ነው። እዚያ 70 ማምጣት ከባድ ነው፣ ቁጥሩ የኛ 60 አይደለም። ለቀጣሪው የሚነገረው ማዕረጉ ነው፣ አፐር ሰከንድ፤ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የዩኒቨርሲቲው የውጤት አሰጣጥ መግለጫ ተያይዞ ቢቀርብ ደግሞ ክርክሩ ያጥራል።