የርዕሰ መምህር መከታተያ ሰሌዳ (ዳሽቦርድ) በወሎ ትምህርት ቤቶች

የመከታተያ ሰሌዳ ርዕሰ መምህሩ የተማሪ መገኘትንና የፈተና ውጤትን በየክፍሉ በአንድ ገጽ የሚያይበት የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው በቢሮው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የማኒላ ወረቀት ነበር።

መሠረቱ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ሴክሽን የሚሞላ አንድ መስመር ነው። ዓምዶቹ በቅደም ተከተል ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ዕለት፣ ክፍል፣ ሴክሽን፣ የተመዘገቡና የተገኙ ናቸው። የክፍል ኃላፊው መምህር ስም ጠርቶ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ይሰጣል፤ የሰሌዳው እውነተኛነት የሚቆመው በእነዚህ ትጉህ መምህራን ላይ ነው።

ቀኑ በሦስት ዓምድ የሚከፈለው ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ ነው። የካቲት 24 ቀን 2017 ሰኞ ነበር። 24/6/2017 ተብሎ ሲጻፍ ግን ቅንብሩ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ኮምፒውተር የፈረንጆቹን ሰኔ 24 አድርጎ ይወስደውና ዕለቱን ቅዳሜ ይለዋል። 29/2/2017 (ጥቅምት 29) ደግሞ በፈረንጆቹ የሌለ ቀን ስለሆነ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዕለቱ በእጅ ይጻፋል።

ዕለቱ በወሎ ብዙ ይናገራል። ባቲ ላይ ሰኞ የአፋር ቆላና የደጋው ሰው የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ይቆማል። በዚያ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል 100 ተማሪ አለው እንበል። ከሰኞ እስከ ዓርብ 64፣ 92፣ 93፣ 92 እና 89 ቢገኙ የሳምንቱ አማካይ 86 በመቶ ነው፤ ደህና ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ሰኞ ለብቻው ሲወጣ ነው፦

```
=SUMIFS(H:H,E:E,7,D:D,"ሰኞ")/SUMIFS(G:G,E:E,7,D:D,"ሰኞ")
```

ቀመሩ የተገኙትን ደምሮ ለተመዘገቡት ድምር ያካፍላል። የሴክሽኖችን ፐርሰንት ደምሮ አማካይ ማውጣት ግን 30 ተማሪ ያለውን ሴክሽን 70 ካለው ጋር እኩል ያደርገዋል። የሰኞ መቅረት ምክንያቱ ገበያው ራሱ ነው ወይስ ወላጅ ገበያ ሲሄድ ለልጁ የሚቀረው የከብት ጥበቃ? ሰሌዳው ይህን አይለይም፤ ቤተሰብ መጠየቅ ያሻል።

በውጤት በኩል ዋናው ጥያቄ ለስንት ይካፈል የሚለው ነው። ከ100 ተመዝጋቢ 84ቱ የሒሳብ ፈተና ወስደው 63ቱ 50 እና ከዚያ በላይ ቢያመጡ፣ ለተፈታኞች ሲካፈል 75፣ ለተመዝጋቢዎች ሲካፈል 63 በመቶ ይሆናል። ሁለቱም ጎን ለጎን መታየት አለባቸው፤ ደካማ ተማሪዎች ባቋረጡ ቁጥር የመጀመሪያው ቁጥር ያለ ምንም መሻሻል ከፍ ይላልና። ያቋረጠ ተማሪ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ያቋረጠበት ወር ይጻፍበታል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከነመዝገባቸው ወድመዋል። ስለዚህ ሰሌዳው በየወሩ ታትሞ አንድ ቅጂ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ይቀመጣል።