ዞኑ ስለሰፋ መድኃኒቱ በረታ ማለት አይደለም፦ ስለ ዲስክ ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካልቸር እና ሴንሲቲቪቲ ምርመራ፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳየው ምርመራ ሲሠራ፣ አጋር በሚባለው እንደ ጄሊ የረጋ ማሳደጊያ ላይ ባክቴሪያ ይቀባል። ከዚያ አንቲባዮቲክ የያዙ ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች ይቀመጡበታል። መድኃኒቱ ወደ አጋሩ እየሰረገ ሲሄድ ባክቴሪያው ማደግ ያቃተው ቦታ ጥርት ያለ ክብ ሆኖ ይቀራል። ያ ክብ ዞን ይባላል፣ ስፋቱም በሚሊሜትር ይለካል። ነገሩ ለዓይን ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ክቡን አይቶ ብቻ ይፈርዳል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከሽንት የተገኘ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የተለኩት ዞኖች በሚሊሜትር እነዚህ ናቸው፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን 24፣ ናይትሮፉራንቶይን 19፣ ኮትሪሞክሳዞል 18፣ አምፒሲሊን 6።

«ትልቁን ዞን የሰጠው መድኃኒት ነው አይደል የሚሻለው?»

አይደለም። እዚህ ምሳሌ ላይ እንዲያውም ነገሩ ተገልብጧል። ሲኤልኤስአይ በሚባለው የአሜሪካ የላቦራቶሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት የአሁኑ ሰንጠረዥ ኢ. ኮላይ ለሲፕሮፍሎክሳሲን ሴንሲቲቭ፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚሠራበት፣ የሚባለው ዞኑ 26 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከ22 እስከ 25 ኢንተርሚዲየት፣ ማለትም መካከለኛ ነው፣ 21 እና ከዚያ በታች ረዚስታንት፣ ማለትም መድኃኒቱን የሚቋቋም። ስለዚህ 24 ሚሊሜትሩ ኢንተርሚዲየት ነው። ናይትሮፉራንቶይን ግን 17 ከደረሰ ሴንሲቲቭ ነው፣ ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ 16 ከደረሰ። ሁለቱም አልፈዋል። ከአራቱ ትልቁን ክብ የሠራው መድኃኒት ካለፉት ሁለቱ ኋላ ቀረ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛ፣ ዲስኮቹ የያዙት መጠን እኩል አይደለም። የናይትሮፉራንቶይን ዲስክ 300 ማይክሮግራም ይይዛል፣ የሲፕሮፍሎክሳሲኑ 5 ብቻ። ሁለተኛ፣ መድኃኒቶቹ አጋር ውስጥ የሚጓዙበት ፍጥነት ይለያያል፤ ትልቅ ሞለኪውል ያለው መድኃኒት ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ባክቴሪያውን በደንብ የሚገድል ቢሆን እንኳ ክቡ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ድንበር የሚወጣው ዞኑ ባክቴሪያውን ከሚያቆመው ዝቅተኛ የመድኃኒት መጠን፣ ማለትም ከኤምአይሲ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ያ መጠን ደግሞ ሰው ሰውነት ውስጥ ሊደረስበት ይችላል ወይ፣ የታከሙ ሰዎችስ ዳኑ ወይ ተብሎ ይታያል። ስለዚህ የአንድ መድኃኒት ዞን የሚነጻጸረው ከራሱ ድንበር ጋር ብቻ ነው። ከጎረቤቱ ዞን ጋር አይደለም።

«ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አለ፣ በእሱ እያየን ነው የምንተረጉመው»

የስንት ዓመት ሰንጠረዥ ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 በነበረው ሰንጠረዥ ለኢ. ኮላይ ሲፕሮፍሎክሳሲን 21 ሚሊሜትር ከደረሰ ሴንሲቲቭ ይባል ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 26 ከፍ ተደረገ። አጋሩ ያለበት ያው ፕሌት፣ ያው 24 ሚሊሜትር፣ በአሮጌው ወረቀት «ሴንሲቲቭ» ይጻፍለታል፣ በአዲሱ «ኢንተርሚዲየት»። ባክቴሪያው አልተለወጠም። ቀድሞ ሴንሲቲቭ እየተባሉ ያለፉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሕክምናው ላይ ስለሚያስቸግሩ ነው ድንበሩ የጠበበው።

የባክቴሪያው ዓይነትም ሰንጠረዡን ይቀይረዋል። ለሳልሞኔላ የሲፕሮፍሎክሳሲን ድንበር 31 ነው። 28 ሚሊሜትር ለኢ. ኮላይ ጥሩ ውጤት ነው፣ ለሳልሞኔላ ግን አያልፍም። ባክቴሪያው በትክክል ሳይለይ ዞን መተርጎም በግምት መጫወት ነው።

ዩካስት የሚባለው የአውሮፓው ድንበር አውጪ ኮሚቴ ደግሞ የራሱ ሰንጠረዥ አለው። ሁለቱን እያቀላቀሉ፣ አንዱን መድኃኒት ከዚህ ሌላውን ከዚያ እየወሰዱ መሥራት አይሆንም።

«ኢንተርሚዲየት ማለት ግማሽ ረዚስታንት ነው፣ እንደ ረዚስታንት ቆጥሮ መተው ይሻላል»

ሁሌም አይደለም። ሲኤልኤስአይ ኢንተርሚዲየት የሚለውን በከፊል እንደ መጠበቂያ ክፍተት ነው የሚያየው። ልኬት ላይ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ስህተት ቢመጣ ረዚስታንት የሆነው ቀጥታ ሴንሲቲቭ እንዳይባል ያግዳል። በተጨማሪ መድኃኒቱ የሚከማችበት ቦታ ላይ ሊሠራ እንደሚችል ያመለክታል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለምሳሌ ሽንት ውስጥ በብዛት ይከማቻል። በዩካስት በኩል ኢንተርሚዲየትን ትወክል የነበረችው «አይ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትርጉሟ ተቀይሯል፤ መድኃኒቱ ከፍ ባለ መጠን ወይም በሌላ መንገድ ሰውነት ውስጥ በበቂ ከደረሰ ይሠራል ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ ግን ጥርት ብለው ያለፉ ሁለት መድኃኒቶች ስላሉ ሲፕሮፍሎክሳሲኑን መሞከር አያስፈልግም ነበር።

«ዞን ከሌለ ዜሮ ነው፤ ካለ ደግሞ ከዲስኩ ጫፍ ጀምሮ መለካት ነው»

የሚለካው ዲያሜትሩ ነው፣ ከክቡ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጫፍ፣ ዲስኩን ጨምሮ። የዲስኩ ስፋት ራሱ 6 ሚሊሜትር ነው። ለዚህ ነው ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ድረስ ሲያድግ 6 ተብሎ የሚመዘገበው። የአምፒሲሊኑ 6 «ትንሽ ሠርቷል» ማለት አይደለም፣ ምንም ዞን የለም ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ፕሌቱ ተገልብጦ በጀርባው በኩል፣ ከበስተኋላው ጥቁር ነገር ተደርጎ፣ ከላይ በሚመጣ ብርሃን ይታያል። ማስመሪያ ወይም ካሊፐር የዲስኩ መሐል ላይ አልፎ ይያዛል። አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። በባዶ ዓይን የማይታይ ጭላንጭል ዕድገት ፍለጋ ከተገባ ጫፉ ወደ ውስጥ እየገባ ዞኑ ያለአግባብ ይጠባል። ደም ያለበት አጋር ከሆነ ጀርባው ስለማያሳይ ክዳኑ ተነስቶ ከፊት ይለካል።

ጫፉ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይሆንም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ኮትሪሞክሳዞል ባክቴሪያውን ወዲያው አያቆመውም። ከመቆሙ በፊት ጥቂት ጊዜ ይባዛና ዞኑ ውስጥ ስስ ጭጋግ የመሰለ ዕድገት ይተዋል። ያ ጭጋግ ከዋናው ዕድገት 20 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ችላ ተብሎ ጎልቶ የሚታየው ጫፍ ይለካል። የእኛው 18 እንዲህ የተለካ ነው፤ ጭጋጉን እንደ ዕድገት የቆጠረ ሰው 10 ጽፎ ረዚስታንት ሊለው ይችል ነበር። ፕሮቲየስ የሚባለው ባክቴሪያም እንደዚሁ ዞኑ ውስጥ ስስ መጋረጃ ዘርግቶ ይገባል፣ እሱም ይታለፋል።

«ዞኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ኮሎኒ ብቻ ናት፣ ምንም አይደል»

ጭጋግ እና ኮሎኒ አንድ አይደሉም። ነጠላ ነጠላ ሆነው በግልጽ የሚታዩ ኮሎኒዎች፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምችቶች፣ ሁለት ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። ወይ ናሙናው ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ ተቀላቅሏል፣ ወይ ከዚያው ባክቴሪያ መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ አሉ። ዓይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ንጹሕ ካልቸር ወጥቶ ምርመራው ይደገማል። ሲደገምም ኮሎኒዎቹ ከመጡ የሚለካው እነሱ የሌሉበት የውስጠኛው ክብ ነው፣ እነሱን አልፎ ያለው ሰፊው ጫፍ አይደለም።

«ባክቴሪያው የተበጠበጠበት ፈሳሽ ትንሽ ቢቀጥን፣ አጋሩ ትንሽ ቢወፍር ምን ይሆናል?»

ውጤቱ ይቀየራል። ዞኑ የሚሠራው በእሽቅድምድም ነው፤ መድኃኒቱ እየሰረገ ይሄዳል፣ ባክቴሪያው እየተባዛ ይጠብቀዋል። የክቡ ጫፍ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። የተቀባው ባክቴሪያ ካነሰ መድኃኒቱ ሩቅ ይደርስና ዞኑ ይሰፋል። ከበዛ ይጠባል። አጋሩ ስስ ከሆነ ይሰፋል፣ ወፍራም ከሆነ ይጠባል።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ተወስኗል። አጋሩ ሙለር ሂንተን ሆኖ ጥልቀቱ 4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የፈሳሹ ድፍርስነት 0.5 ማክፋርላንድ ነው፣ በአንድ ሚሊሊትር ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ባክቴሪያ ገደማ። ፈሳሹ በተዘጋጀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይቀባል፣ ዲስኮቹም ከተቀባ በኋላ 15 ደቂቃ ሳያልፍ ይቀመጣሉ። ከዚያ 35 ዲግሪ አካባቢ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። አንድ ጊዜ አጋሩን የነካ ዲስክ አይነሳም፣ መድኃኒቱ ወዲያው መስረግ ስለሚጀምር ቦታው ቢበላሽም እንኳ።

ፈሳሹን በዓይን «በቃ ይሄ ይበቃል» ብሎ ማዘጋጀት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን ትልቁ የስህተት ምንጭ ይሄ ይመስለኛል። የእኛ ኢ. ኮላይ ቀጭን ፈሳሽ ተደርጎለት ቢሆን የሲፕሮፍሎክሳሲኑ 24 በቀላሉ 26 ይሆናል። ሁለት ሚሊሜትር ብቻ፣ ግን ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ሴንሲቲቭ» ነው።

እንዲህ ያለው ስህተት የሚታወቀው በመቆጣጠሪያ ባክቴሪያ ነው። ኤቲሲሲ 25922 የሚባለው ኢ. ኮላይ ለየመድኃኒቱ የታወቀ ክልል አለው፦ ለናይትሮፉራንቶይን ከ20 እስከ 25፣ ለኮትሪሞክሳዞል ከ23 እስከ 29። ሁሉም ዞኖች ከክልላቸው በላይ ከሰፉ ፈሳሹን ወይም አጋሩን ጠርጥር። አንድ መድኃኒት ብቻ ከጠበበ ዲስኩን ጠርጥር፤ ሙቀት ወይም እርጥበት አግኝቶት አቅሙ ወርዶ ይሆናል። ኮትሪሞክሳዞል ብቻ ጠቦ ጭጋጉ ከበዛ ደግሞ አጋሩ ውስጥ ታይሚዲን በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው እሱን ተጠቅሞ መድኃኒቱን ያመልጣል። ችግሩ ተገኝቶ እስኪስተካከል ድረስ የዚያ መድኃኒት የታካሚ ውጤት አይወጣም።

«ዲስኩ ካለ ማንኛውም መድኃኒት ይመረመራል»

ለሁሉም አይሆንም። ኮሊስቲን ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ አጋር ውስጥ በደንብ አይሰርግም፣ ሴንሲቲቩም ረዚስታንቱም ተቀራራቢ ጠባብ ዞን ይሰጣሉ። ቫንኮማይሲንም ለስታፊሎኮከስ በዲስክ አያስተማምንም፤ የመድኃኒቱ አቅም የቀነሰበትን ባክቴሪያ ከሴንሲቲቩ አይለይም። ለእነዚህ ኤምአይሲ መለካት ነው፣ ለኮሊስቲን በተለይ በፈሳሽ ማሳደጊያ ውስጥ መድኃኒቱን በየደረጃው እያቀጠኑ በሚሠራው ዘዴ።