ሁኔታው እየከፋ ስለሄደ ታካሚ በኤስባር የሚጻፍ ርክክብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ኤስባር ማለት የታካሚውን ታሪክ ሆስፒታል ከገባበት ቀን ጀምሮ በተራ መጻፍ ነው።»

ኤስባር ከአራት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ስሙን ያገኘ የርክክብ አጻጻፍ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ሁኔታ፣ ዳራ፣ ግምገማ፣ ምክረ ሐሳብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚናገረው አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ታካሚው ላይ ስለሚታየው ለውጥ ነው። ሌሊት ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ተረኛ ሐኪም የሚያደምጠው ለመነሣት ወይም ላለመነሣት ለመወሰን ስለሆነ፣ ውሳኔውን የሚያስገድደው ነገር በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከመጣ ሐሳቡ ቀድሞ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ነገሩን በአንድ ታካሚ እንየው፤ ታካሚው ለማስተማር የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። የ52 ዓመት ገበሬ ናቸው። ከመንዝ በኩል ካለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሆድ ዕቃ መጠምዘዝ ተብለው ወደ ደብረ ብርሃን ተልከዋል፤ የሞተው የደንዳኔ ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ ጤነኞቹ ጫፎች ተሰፍተው ተገናኝተዋል። ዛሬ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አምስተኛ ቀናቸው ሲሆን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትንፋሻቸው ፈጥኗል፣ ሆዳቸው ተወጥሯል፣ አጠገባቸው የተኛውን ልጃቸውን ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

በታሪክ ቅደም ተከተል የሚጽፍ ነርስ «ታካሚው ከአምስት ቀን በፊት በሆድ ሕመምና በትውከት ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተልከው መጥተው፣ ራጅ ተነሥተው፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው…» ብሎ ይጀምራል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንባቢው እስካሁን የሚያውቀው የዳኑ ሰው ታሪክ ነው። በኤስባር ግን መጀመሪያ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ «ከቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አልጋ 14። ደንዳኔ ተቆርጦ ከተሰፋላቸው አምስተኛ ቀን ላይ ያሉት የ52 ዓመት ሰው ባለፉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ እየደከሙ ሄደው አሁን ግራ ተጋብተዋል፤ ትንፋሻቸው በደቂቃ 30፣ የደም ግፊታቸው 96 በ58 ነው።» ዳራው ከዚህ በኋላ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የተሠራላቸው ቀዶ ሕክምና፣ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት፣ ክብደታቸውና የመድኃኒት አለርጂ እንዳለባቸው ወይም እንደሌለባቸው። በልጅነት የታመሙት ወባ ለዛሬው ውሳኔ የሚጨምረው ነገር ከሌለ በቻርቱ ይቆይ።

«አጭር ይሁን ከተባለ ቁጥሮቹን ትቶ ‹ቫይታል ሳይኑ ተረብሿል› ማለት ይበቃል።»

ማሳጠር የሚገባው ቃላቱ እንጂ ቁጥሮቹ አይደሉም። «ተረብሿል» የሚለው ቃል ለአንዱ ሐኪም ትንሽ ትኩሳት፣ ለሌላው የልብ መቆም ጫፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰሚው መልሶ አምስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ርክክቡ ከታሰበው ይረዝማል። ከአንድ ጊዜ ቁጥር ይልቅ ደግሞ የሚጠቅመው አካሄዱ ነው። በታካሚያችን ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንፋሽ 18፣ የልብ ምት 92፣ የደም ግፊት 124 በ78፣ ሙቀት 37.2 ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትንፋሽ 30፣ የልብ ምት 126፣ የደም ግፊት 96 በ58፣ ሙቀት 38.7 ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከማንኛውም ቅጽል በላይ ይናገራል።

የሽንት መጠንም በቁጥር ይጻፍ። «ሽንታቸው ቀንሷል» ከማለት «በካቴተር በአራት ሰዓት ውስጥ የወጣው 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው» ማለት ይሻላል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ በሰዓት በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር ስለሚጠበቅ፣ በአራት ሰዓት 120 ሊወጣ ይገባ ነበር፤ የወጣው ግማሹ ነው።

በእኛ አካባቢ የኦክስጅን መጠን ሲጻፍ ሁለት ነገር መጨመር ይገባል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ንባቡ ብቻውን ከቆላው ንባብ ጋር እኩል አይመዘንም፤ ስለዚህ የታካሚው የራሱ የቀደመ ንባብ አብሮ ይቀመጥ። ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ነው። የቀዘቀዘ ጣት ላይ የተደረገ መለኪያ ዝቅተኛ ወይም የሚዋልል ቁጥር ሊሰጥ ስለሚችል፣ እጁን አሙቆ፣ መለኪያው የሚያሳየው የልብ ምት በእጅ ከተቆጠረው ጋር መግጠሙን አይቶ መጻፍ ነው። «ከምሽቱ 12 ሰዓት ያለ ኦክስጅን 94 ነበር፤ አሁን እጃቸው ሞቆ 89 ነው፤ በጭምብል 5 ሊትር ሰጥቼ 94 ደርሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሐኪሙ ሊጠይቀው የሚችለውን ሁሉ ይዟል። እጅ ይሞቅ ሲባል ግን የተቸገረ ታካሚ ኦክስጅን ሳያገኝ ይቆይ ማለት አይደለም።

የሰዓት አጻጻፍም እዚሁ ላይ ይነሣ። ቻርቱ ላይ 02:00 ተብሎ የተጻፈው እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው ነው። በስልክ «ሁለት ሰዓት ላይ አንቲባዮቲክ ወስደዋል» ከተባለ፣ አንዱ የምሽቱን ሁለት ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ያለውን ይረዳል፤ ልዩነቱም ስድስት ሰዓት ነው። «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለውን ቃል አለመዝለል፣ በጽሑፍም ክፍሉ የሚጠቀምበትን አንድ አቆጣጠር ብቻ መያዝ ግድ ነው።

«የደም ግፊት እስካልወረደ ድረስ ሐኪም የሚያስጠራ ነገር የለም።»

በዚህ ታካሚ ላይ ከሌሊቱ 5 ሰዓት የተወሰደው ልኬት ይህን ያፈርሰዋል። የደም ግፊታቸው 122 በ80 ነበር፤ ትንፋሻቸው ግን 24፣ የልብ ምታቸው 112፣ ሙቀታቸው 38.1 ደርሷል። ሰውነት ደም ሥሮችን እያጠበበና ልብን እያፈጠነ ግፊቱን ለጊዜው ይዞ ያቆየዋል፤ ግፊቱ ሲወርድ መቋቋሚያው እያለቀ ነው። በብሪታንያ ሐኪሞች ኮሌጅ በተዘጋጀውና በ2017 በተሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ እንኳ፣ የትንፋሹ 2፣ የልብ ምቱ 2፣ የሙቀቱ 1 ተደምሮ 5 ይሆናል፤ የደም ግፊቱ ምንም ሳይጨምር ማለት ነው። ከ5 ጀምሮ አስቸኳይ የሐኪም ግምገማ ይጠየቃል። ስለዚህ ይህ ርክክብ መጻፍ የነበረበት በ8 ሰዓት ሳይሆን በ5 ሰዓት ነበር።

ትንፋሽን ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። በየቻርቱ ለሁሉም ታካሚ 20 ተብሎ የሚሞላው ትንፋሽ፣ በእኔ እምነት፣ የሚያስጨንቀውን ምልክት ከሁሉ ቀድሞ የሚሰውር ልማድ ነው።

«ምርመራ መስጠት የሐኪም ሥራ ስለሆነ ነርስ ግምገማ የሚለውን ባዶ ትተው ወይም ቁጥሮቹን ትድገምበት።»

ግምገማ የመጨረሻ ምርመራ አይደለም፤ አልጋው አጠገብ የቆመው ባለሙያ ያየውን አገናኝቶ ምን እንደሚያሠጋው የሚናገርበት ቦታ ነው። በምሳሌያችን «የተሰፋው ደንዳኔ ተከፍቶ ወደ ሆድ ዕቃ እያፈሰሰ፣ ኢንፌክሽኑም ወደ ደም ተሠራጭቶ እንዳይሆን እሠጋለሁ» ይባላል። ይህን የሚያስብለው ተጨባጭ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለው መከፈት ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው፣ ሆዱ ተወጥሯል፣ ሲነካ ይጠነክራል፣ ትኩሳቱም የልብ ምቱም አብረው ወጥተዋል። ነርሷ ተሳስታ የሳንባ ምች ቢሆን እንኳ ጉዳት የለውም፤ ሐኪሙ አስቸኳይነቱን ተረድቶ መጥቷልና።

ምክንያቱ ባይታወቅስ? ያኔም ባዶ አይተውም። «ምክንያቱን አላወቅሁትም፤ ነገር ግን ታካሚው በፍጥነት እየከፋባቸው ነው» የሚለው ሙሉ ግምገማ ነው። መጻፍ የማይገባው «ታካሚው ደህና አይመስሉም» ብቻ ብሎ ማቆም ነው፤ ምን ታይቶ እንደዚያ እንደተባለ ይጨመር።

«ለሐኪም ይህን ያድርጉ ማለት ድፍረት ስለሆነ ‹ለመረጃ ያህል ነው› ብሎ መጨረስ ጨዋነት ነው።»

ይህ ከሁሉም የሚጎዳው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ታላቅን ማክበርን ከልባችን ስለያዝነው ስሕተቱ መልካም ጠባይ መስሎ ይገባል። «ለመረጃ ያህል» የተባለ ሐኪም «እሺ፣ ተከታተሉት» ብሎ ስልኩን ቢዘጋ የተጠየቀውን አሟልቷል። ይህ አጻጻፍ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሕክምናው የመጣው፣ በማዕረግ ዝቅ ያለው ሰው የሚፈልገውን ለበላዩ በግልጽ እንዲናገር ስለሚያስችል ጭምር ነው። አክብሮቱ በአነጋገሩ ይታያል፤ ጥያቄው ግን ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ ምን እንዲደረግ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ እስከዚያ ምን ልሥራ።

ከፊት ለፊት የተጻፈ ወረቀት ይዞ የሚነገረው ሙሉ ርክክብ እንዲህ ይሆናል፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ተረኛ ነርስ ነኝ። አልጋ 14 ላይ ያሉት የ52 ዓመት ታካሚ እየከፋባቸው ስለሆነ ነው የደወልኩት፤ ግራ ተጋብተዋል፣ ትንፋሻቸው 30፣ የልብ ምታቸው 126፣ የደም ግፊታቸው 96 በ58፣ ሙቀታቸው 38.7 ነው። ደንዳኔ ተቆርጦ ከተሰፋላቸው አምስተኛ ቀናቸው ነው፤ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ላይ ናቸው፤ የታወቀ አለርጂ የለባቸውም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግፊታቸው 124 በ78 ነበር። ሆዳቸው ተወጥሯል፣ በአራት ሰዓት የሸኑት 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስፌቱ ተከፍቶ እንዳይሆን እሠጋለሁ። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ። ኦክስጅን ጀምሬ 94 ደርሷል፣ በአፍ የሚሰጠውን አቁሜያለሁ፣ ሁለተኛ የደም ሥር መስመር ከፍቻለሁ። እስኪደርሱ 500 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በፍጥነት ልስጥ? የደም ምርመራና የደም ማዛመጃስ ልላክ?»

ይህ ተረጋግቶ ሲነበብ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

«ሐኪሙ ‹እሺ› ካሉ ርክክቡ አልቋል።»

ትእዛዙ ተመልሶ መነበብ አለበት፦ «500 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በ15 ደቂቃ፣ አሁን እየመጡ ነው፤ ትክክል ነኝ?» ከዚያም የተደወለበት ሰዓት፣ ያነጋገሩት ሰውና የተባለው በቻርቱ ይጻፋል። ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ ሆነው መምጣት ካልቻሉ፣ ወይም በተባለው ጊዜ ካልደረሱ፣ ያው ወረቀት ሳይለወጥ ወደ ቀጣዩ የበላይ ሐኪም ይነበባል፤ በዚያ ላይ የሚጨመረው የመጨረሻው ልኬትና «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ደውዬ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።